«ስንቱ አደረ?»፦ ለቦርድ የዓመት የማስታወቂያ በጀት ያቀረብኩበት ተሞክሮ

በሰኔ 2016 ለምሠራበት ሆቴል ቦርድ የዓመቱን የዲጂታል ማስታወቂያ በጀት አቀረብኩ። ሆቴላችን ሐዋሳ ውስጥ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ 60 ክፍል አለው። ስላይዴ ላይ በትልቁ የተጻፈው «2 ሚሊዮን ዕይታ» የሚል ነበር። ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም አንድ ላይ ተደምሮ ማለት ነው። ከቦርዱ አባላት አንዱ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነጋዴ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ስንቱ አደረ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። 1,500,000 ብር ጠይቄ 900,000 ተፈቀደልኝ። ወሩ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጀቱን ስሠራ ዶላር 58 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፌስቡክና ጉግል የሚያስከፍሉት በዶላር ስለሆነ፣ የተፈቀደልኝ ብር የሚገዛው ማስታወቂያ ወደ ግማሽ ተጠጋ። እኔ ደግሞ በጀቱ ውስጥ ስለ ዶላር አንዲት መስመር አልጻፍኩም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ እንደገና ያው ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ያን ጊዜ ስለ ዕይታ አላወራሁም። በመሃል ያደረግሁትን ዝግጅትና የተናገርኩትን እዚህ የምጽፈው፣ እንደኔው ቦርድ ፊት ማስታወቂያ የሚያስፈቅድ ሰው እንዲጠቀምበት ነው። ቁጥሮቹ የእኛ ቤት ናቸው። እናንተ የየራሳችሁን አስገቡበት።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ አዳር ስንት ብር እንደሚተውልን ማወቅ ነበር። አዳር ስል አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ ማለቴ ነው። ከሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ ጋር ሁለት ከሰዓት ቁጭ ብለን ሠራነው። እንግዳው ለአንድ ሌሊት የሚከፍለው ወደ 4,400 ብር ነው። ግን ይህ ሁሉ የእኛ አይደለም። ውስጡ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ። እነሱ ሲወጡ 3,500 ይቀራል። ከዚያ ላይ ቁርስ፣ ልብስ አጠባ፣ ሳሙና፣ ውሃና መብራት አንድ ላይ 800 ብር ይወስዳሉ። 2,700 ቀረ። ያደረ እንግዳ ምግብ ቤታችንም ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ የሚተርፈውን በአማካይ 300 ብር ብለን ያዝን። ድምሩ 3,000 ብር ሆነ።

ደመወዝና የባንክ ወለድ አላስገባንም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ጥሩ ነበር፣ ቦርዱ ላይ ተጠይቄበታለሁና። አንድ ተጨማሪ እንግዳ ስለመጣ የዘበኛው ደመወዝ አይጨምርም። ወለዱም ያው ነው። ማስታወቂያው አዋጪ መሆኑን ለማወቅ የሚቆጠረው እንግዳ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ወጪ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። 2,400,000 ብር ብጠይቅ፣ ለ3,000 ሲካፈል 800 አዳር ይሆናል። ለ52 ሳምንት ሲካፈል 15.4 ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ራሱን ለመቻል በየሳምንቱ 16 ተጨማሪ አዳር ማምጣት አለበት። በቃ፣ ንግግሬ በሙሉ የተሠራው በዚህች 16 ቁጥር ዙሪያ ነው። አንድ የቦርድ አባል አርባ ቁጥር ይዞ አይወጣም። አንድ ቁጥር ግን ይዞ ይወጣል።

ከባዱ ነገር «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ነው።

ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከተማውን ይሞላዋል። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ፣ ከዚያም ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ፣ ክፍል በልመና ነው የሚገኘው። በእነዚህ ቀናት ማስታወቂያ ያመጣው እንግዳ ያለ ማስታወቂያ ይመጣ የነበረውን እንግዳ ቦታ ነው የሚይዘው። ለሆቴሉ የሚጨምረው ዜሮ ነው። ባዶ ክፍል ያለን ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባሉት ሌሊቶች ነው። በሳምንት አምስት ሌሊት በ60 ክፍል 300 አዳር ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 60 ያህሉን የስልጠናና የስብሰባ ቡድን ይይዘዋል። ቡድን የሚመጣው በደብዳቤና በፕሮፎርማ ስለሆነ ከማስታወቂያው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከቆጠራው አወጣሁት። የቀረው የግለሰብ እንግዳ ነው።

መጀመሪያ እንግዳ ተቀባዮቹ መዝገብ ላይ «የት አዩን?» የሚል ዓምድ እንዲሞሉ አደረግሁ። ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን የተለየ ስልክ ቁጥርም አወጣን። በመዝገቡ መሠረት ማስታወቂያ በምናወጣበት ሳምንት 38 አዳር «ከማስታወቂያ» የመጣ ነበር። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን ልቤ አላመነውም። የእንግዶቹን ስልክ ከአምናው መዝገብ ጋር ሳመሳክር ብዙዎቹ ከዚህ በፊት እኛ ጋ ያደሩ ሆነው ተገኙ። ማስታወቂያውን አይተው ቁጥሩን መደወላቸው እውነት ነው። ያለ ማስታወቂያውም ግን አሮጌውን ቁጥር ፈልገው ይደውሉ ነበር። ደግሞ እንግዳ ተቀባይ ሲደክመው ለሁሉም «ፌስቡክ» ብሎ ይሞላል። አንድ ቀን ማታ የተጻፉት ስድስት መስመሮች በሙሉ «ፌስቡክ» ካሉ፣ ዓምዱ እንግዳው ሳይጠየቅ የተሞላ መሆኑን ጠርጥሩ።

ስለዚህ ማስታወቂያውን አጥፍቼ ማየት ነበረብኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ገንዘብ እያለ ማስታወቂያ ማጥፋት ለሰው እብደት ይመስላል። ከጥር 18 ቀን 2017 እስከ ትንሣኤ ዋዜማ 12 ሳምንት ነበር። ሁለት ሳምንት አበራን፣ ሁለት ሳምንት አጠፋን፣ እንዲህ እያፈራረቅን ስድስት የበራ፣ ስድስት የጠፋ ሳምንት አገኘን። በበራው ሳምንት 36,000 ብር ገደማ እናወጣለን። በጠፋው ምንም። መዝገቡ ላይ ያለውን ዓምድ ትተን፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያደረውን የግለሰብ እንግዳ በሙሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ ቆጠርን።

ለምን ስድስት ሳምንት አብርተን፣ ስድስት ሳምንት አላጠፋንም? በመሃል ዐቢይ ጾም ይገባል። ሰርጉ ይቆማል፣ ሙሽራውም ጫጉላውም ይቀራል፣ መዝናኛው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ብናጠፋ የቀነሰው እንግዳ በጾሙ ይሁን በማስታወቂያው መጥፋት አይለይም። በማፈራረቅ ግን ከጾሙ በፊት ሁለት የበራና ሁለት የጠፋ፣ በጾሙ ውስጥ አራት የበራና አራት የጠፋ ሳምንት ደረሰን። ጾሙ ሁለቱንም እኩል ነካቸው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ዘርጉና በዓሉንና ጾሙን አይታችሁ ከፋፍሉ።

ማስታወቂያ በጠፋባቸው ሳምንታት ያደረው 115፣ 121፣ 127፣ 131፣ 139 እና 141 ነበር። አማካዩ 129 ነው። በበራባቸው 139፣ 144፣ 149፣ 152፣ 160 እና 168 ነበር። አማካዩ 152 ነው። (ለንባብ እንዲመች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩት እንጂ የሳምንቱ ቅደም ተከተል እንዲህ አልነበረም።) ልዩነቱ 23 አዳር በሳምንት። መዝገቡ 38 ብሎኝ ነበር። ከመቶ 40 ያህሉ ያለ ማስታወቂያም የሚመጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

23 ከ16 ይበልጣል። ግን እዚህ ላይ መቆም አልቻልኩም። ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው። በጣም ጥሩ የሆነው የጠፋ ሳምንት 141 ነው፣ ደካማው የበራ ሳምንት 139። ይነካካሉ። ስታቲስቲክስ የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ፣ ወረቀቱን ወሰድኩላት። «በዚህ ጥቂት ሳምንት እውነተኛው ልዩነት 23 ነው ማለት አትችዪም፤ ከ10 እስከ 36 ባለው ውስጥ ነው በዪ» አለችኝ። 10 ከ16 በታች ነው። ማለትም ልንከስር የምንችልበት ዕድል አለ። መጀመሪያ ይህን ከቦርዱ ልደብቀው አስቤ ነበር። ኋላ ግን ንግግሩን የሠራሁት በእሱ ላይ ሆነ።

ሌላም ያወቅሁት ጉድለት አለ። በበራው ሳምንት ማስታወቂያውን ያየ ሰው በጠፋው ሳምንት ሊመጣ ይችላል። ይህ የጠፋውን ሳምንት ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፣ ልዩነቱን ያሳንሰዋል። ስለዚህ 23 ከተሳሳተ ወደ ታች የመሳሳት ዕድሉም አለ። ይህን ለቦርዱ የነገርኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሰበብ የምፈልግ እንዳይመስል።

ንግግሩ 12 ደቂቃ ፈጀ። 20 ተሰጥቶኝ ነበር። የከፈትኩት እንዲህ ብዬ ነው፦

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት። አምና እዚሁ ቆሜ ስንት ሰው ማስታወቂያችንን እንዳየ ነገርኳችሁ። ስንቱ አደረ ተብዬ ተጠየቅሁ፣ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። ለ2018 የበጀት ዓመት የምጠይቀው 2,400,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ እንዲመለስ ማስታወቂያው በየሳምንቱ፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ 16 ተጨማሪ አዳር ማምጣት አለበት። ባለፈው ጥርና ሚያዝያ መካከል በለካነው መሠረት የሚጠበቀው 23 ነው። ዝቅ ካለ 10፣ ከፍ ካለ 36 ሊሆን ይችላል። አሁን እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ ላሳያችሁ።»

ከዚያ ወረቀት አደልኩ። ስላይድ አልተጠቀምኩም። አንድ ገጽ ብቻ፣ ፊደሉ ትልቅ። ላዩ ላይ የአንድ አዳር ሒሳብ፣ ከ4,400 ወደ 3,000 የሚወርደው፣ መስመር በመስመር። ከሥሩ 12ቱ ሳምንታት። ከዚያ የገንዘቡ ክፍፍል። አዛውንቱ ነጋዴ እስክሪብቶ አውጥተው ራሳቸው ሲያካፍሉ አየሁ። 800 ሲመጣላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ክፍፍሉን እንዲህ አስረዳሁ። 1,500,000 ብር ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለጉግል ማስታወቂያ ነው። ይህ በዶላር የሚከፈለው ነው። 350,000 ለቴሌግራም ቻናሎችና ለቲክቶክ ሠሪዎች ነው፣ በብር የሚከፈል። 300,000 ለፎቶና ለቪዲዮ። የቀረው 250,000 ስልክና መልእክት ለሚመልስ ሰው ነው።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ከቦርድ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ደንበኛ እኛ ጋ በድረ ገጽ ከፍሎ ክፍል አይዝም። ይደውላል፣ ወይም በቴሌግራም «ሰላም፣ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል። ብዙው የሚጽፈው ከሥራ ሲወጣ ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። በዚያ ሰዓት እንግዳ ተቀባዩ ቁልፍ እያደለ ነው። መልእክቱ ጠዋት ይመለሳል። እስከ ጠዋት ደግሞ ሰውየው ሌላ ሆቴል ይዟል። በዓመት 10,000 ያህል ጥያቄ እንጠብቃለን። አንዱ ጥያቄ በማስታወቂያ ብቻ 185 ብር ያስወጣናል። ከአሥሩ አንዱ ክፍል ይይዛል፣ በአማካይ ሁለት ሌሊት ያድራል። ይህ በመዝገቡ ላይ 2,000 አዳር ይሆናል፣ ከዚያ ያለ ማስታወቂያም ይመጣ የነበረው ሲቀነስ 1,200 ገደማ ይቀራል። ገንዘብ አውጥተን ያመጣነውን ጥያቄ ሳንመልስ ብናሳድር፣ ያ 185 ብር ወደ ሐይቁ እንደተወረወረ ይቆጠራል።

ከዚያ የሚጠበቀውን መመለሻ ተናገርኩ። «በሳምንት 23 ከመጣ፣ በዓመት ወደ 1,200 አዳር ነው። በ3,000 ሲባዛ 3,600,000 ብር ይተርፋል። የማስታወቂያው ወጪ ሲነሳ 1,200,000 ለሆቴሉ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ብር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ተመለሰ ማለት ነው። በሳምንት 10 ብቻ ከመጣ ግን የሚተርፈው 1,560,000 ነው። 840,000 ብር እንከስራለን።»

«እንከስራለን» ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን ቀና ብለው አዩኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከቦርዱ በፊት አንድ የማስታወቂያ ወኪል የራሱን ግምት አዘጋጅቶልን ነበር። እሱ ጋ መመለሻው 3.7 እጥፍ ነበር። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። በመዝገብ ላይ ያለውን 2,000 አዳር በሙሉ ወስዶ፣ እንግዳው በሚከፍለው 4,400 አባዝቶ፣ ለ2,400,000 አካፍሎታል። ታክሱ እዚያ ውስጥ አለ። ቁርሱ አለ። ያለ ማስታወቂያ የሚመጣው ደንበኛም አለ። 3.7 ብዬ ብቀርብ ኖሮ በጀቱ ቶሎ ይጸድቅ ነበር ይሆናል። ግን በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ሪፖርቱ ሲመጣ ያ ገንዘብ ካዝና ውስጥ አይገኝም። ያን ጊዜ የምመልሰው አይኖረኝም ነበር። «መመለሻው ይህን ያህል እጥፍ ነው» ስትባሉ ሁልጊዜ የሚጠየቁት ሁለት ናቸው። የተባዛው ሽያጩ ነው ወይስ የሚተርፈው? ያለ ማስታወቂያ የሚመጣው ተቀንሷል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከሦስት ወገን ነው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሒሳብ አዋቂ የሆኑ የቦርድ አባል ነበሩ። ስለ ዶላር ጠየቁኝ። ይህን ጠብቄው ነበር። የባንኩን ተመንና የወኪሉን ክፍያ ደምረን ዶላሩን በ150 ብር ነው የያዝነው፣ 1,500,000 ብር 10,000 ዶላር ይሆናል አልኩ። ዶላሩ 20 በመቶ ጨምሮ 180 ብር ቢገባስ? ያንኑ ማስታወቂያ ለመግዛት 300,000 ብር ይጨመራል። መመለሻ ነጥቡ ከ16 ወደ 18 አዳር ይወጣል። «ተጨማሪ ገንዘብ ግን አልጠይቅም» አልኩ። «ዶላሩ ከ180 ካለፈ የዶላሩን ማስታወቂያ ቀንሼ፣ እንደገና ለክቼ፣ ወደ እናንተ እመለሳለሁ።» አምና የጎደለችው መስመር ይህች ነበረች።

ሁለተኛው ወጣት አባል ነበር። «ቅናሽ ብንጨምርበትስ? ከእሑድ እስከ ሐሙስ 20 በመቶ ብንል ማስታወቂያው ይስባል» አለ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ወረቀቱ ላይ አብረን ሠራነው። 20 በመቶ ከ3,500 ብር 700 ነው። ቅናሹን ማስታወቂያ ላይ ካወጣነው ሁሉም ይሰማል፣ በየሳምንቱ ያለ ማስታወቂያ የሚመጡት 129ም ይጠይቁናል። 129 በ700 ሲባዛ 90,300 ብር በሳምንት ነው። ማስታወቂያው የሚያመጣው 23 አዳር ግን የሚተወው 69,000 ነው። ቅናሹ ማስታወቂያው ያመጣውን ሁሉ በልቶ ከነባሩም ይወስዳል። «ስለዚህ ዋጋ አንነካም» አልኩ። «በቅናሹ ፋንታ ለባለ ሁለት ሌሊት እንግዳ የጀልባ ሽርሽር እንጨምራለን። ብዙ ወጪ የለውም፣ ነባሩ ደንበኛም ዋጋ ቀንሱልኝ አይለንም።» ልጁ ተቀበለው። ጀልባውን የምንጨምርበትን ዋጋ በኋላ አስልቼ በጽሑፍ እንድልክለትም ጠየቀኝ።

ሦስተኛው ያው አዛውንቱ ነጋዴ ናቸው። «ያዋጣል ካልሽ ለምን 5 ሚሊዮን አትጠዪቂም?» አሉ። ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። «ጋሼ፣ የለካሁት በሳምንት 36,000 ብር ስናወጣ ነው» አልኳቸው። «ከዚያ በላይ ስናወጣ የሚሆነውን አልለካሁም። ገንዘቡን እጥፍ ሳደርግ እንግዳው እጥፍ አይሆንም። ሐዋሳ ለመምጣት የሚያስብ የአዲስ አበባ ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ገንዘብ ስጨምር አዲስ ሰው ሳይሆን ያው ሰው ደጋግሞ ያየዋል።» ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። ፌስቡክ ራሱ Frequency በሚል ዓምድ አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ያሳያል። ቁጥሩ እየወጣ፣ በቀን የሚመጣው ጥያቄ ግን ባለበት ከቆመ፣ ተጨማሪው ገንዘብ ሥራ እየሠራ አይደለም።

ከጥያቄዎቹ በኋላ የማቆሚያ ደንቡን አቀረብኩ። ይህን የሠራሁት ለኪሳራው ዕድል መልስ እንዲሆን ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይለቀቅ፣ በየሩብ ዓመቱ 600,000 ይለቀቅ አልኩ። በየሩብ ዓመቱ ውስጥ ስምንት ሳምንት ሁለት ሁለት እያፈራረቅን እንለካለን። ልዩነቱ ከ16 በላይ ከሆነ ቀጣዩ ሩብ ይለቀቃል። ከ10 በታች ከሆነ የዶላሩ ማስታወቂያ ይቆማል። በ10 እና በ16 መካከል ከሆነ ገንዘቡ ሳይጨምርም ሳይቆምም ግማሹ ተለቆ እንደገና ይለካል። ለምን ከ16 በታች ሁሉ አይቆምም? በስምንት ሳምንት የሚገኝ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል። 14 የሚል ውጤት የእውነት 20 የሆነውን ማስታወቂያ ሊያስገድለን ይችላል። 9 ከመጣ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሰብሳቢያችን «የሚያጠፋውና የሚያበራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ራሴ ለክቼ እኔ ራሴ ሪፖርት ካደረግሁ ማን ያምነኛል? ስለዚህ የሚጠፋባቸው ሳምንታት አስቀድመው በቃለ ጉባኤ እንዲያዙ ተስማማን። ቆጠራውን የሚያወጣው የሒሳብ ክፍሉ ሆነ። እኔ ሳልነካው በቀጥታ ለቦርዱ ይደርሳል።

በዚያው ቀን የመጀመሪያው 600,000 ጸደቀ። የቀረው በደንቡ መሠረት ይሆናል ተባለ።

የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት በክረምቱ ነበር የጀመርነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ቤተሰብ በአዘቦት ቀንም ሊመጣ ይችላል። ቪዲዮውን ስለ ልጆች አደረግነው፤ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ፣ ልጆች ትኩስ ዓሣ ሲበሉ። በሐምሌ ገብርኤል ሰሞንም ማስታወቂያው ስለ ንግሡ ሌሊት አያወራም ነበር። ስለሚቀጥሉት የአዘቦት ቀናት ነበር የሚናገረው።

በመስከረም መጨረሻ የሒሳብ ክፍሉ ገጹን ላከ። ልዩነቱ 19 አዳር በሳምንት ነበር። ከ23 ያንሳል፣ ከ16 ይበልጣል። ሁለተኛው ሩብ ተለቀቀ። በገጹ ግርጌ ያልጠበቅሁት መስመር ነበረበት። በቴሌግራም ቻናል ከገባው ጥያቄ ክፍል የያዘው ከሃያ አንዱ ብቻ ነው። ማታ ሰው ተመድቦ የሚመልሳቸው የፌስቡክ መልእክቶች ግን ከሰባት አንዱ ደርሰዋል። ለሁለተኛው ሩብ ከቻናሎቹ ላይ 40,000 ብር ቀንሼ ማታ የሚመልስ ሁለተኛ ሰው እንዲቀጠር ጠየቅሁ። ለዚህ ቦርድ መጥራት አላስፈለገም። በስልክ ጨረስነው።